ሹሩባው የተፈታ ዕለት፦ አንዲት አዲስ ሚስትና የባሏ ልጆች

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። አራቱንም በአንድ ቀን ለምክር ጠራኋቸው። ባል፣ አዲሷ ሚስቱና የባልየው ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡ ችግሩ ራሱ ይወጣል ብዬ ነበር። ወጣ፤ ግን እኔ ባሰብኩት መንገድ አይደለም። የ12 ዓመቷ ልጅ አባቷ ላይ ተለጥፋ ተቀመጠች። የ6 ዓመቱ ወንድሟ አባቱ ጭን ላይ ወጣ። ሚስትየዋ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መርጣ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ አለች። እስኪወጡ ድረስ ቦርሳውን መሬት አላስቀመጠችውም።

ከተናገሩት ሁሉ ይበልጥ ያስረዳኝ ያ ቦርሳ ነው።

ስማቸውን ቀይሬያለሁ። ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ነገሮችንም ትቻለሁ። ሚስትየዋን ራሄል፣ ባልየውን ሳምሶን፣ ልጆቹን ሊያና ናታን እንበላቸው። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ራሄል ግን አንድ ነገር አስጠንቅቃኛለች፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንጀራ እናት ብለው እንዳይጽፉኝ። ቃሉን ስሰማ ገና ምንም ሳላደርግ የተፈረደብኝ ይመስለኛል።» ስለዚህ ራሄል ብቻ ናት።

እኔ ጋ ሲመጡ ሳምሶን ከልጆቹ እናት ጋር ከተፋታ 3 ዓመት ሆኖት ነበር። ልጆቹ ከእሱ ጋር ይኖራሉ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ማታ እናታቸው ጋ ሄደው እሁድ ማታ ይመለሳሉ። ራሄል የራሷ ልጅ የላትም። አንድ ዓመት ያህል ከተዋወቁ በኋላ ተጋቡና ወደ እሱ ቤት ገባች። እኔ ጋ የመጡት ከተጋቡ በ7ኛው ወር ነው። ቅሬታዋ አጭር ነበር፦ «ልጅቷ በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረገችኝ።» የሳምሶን ደግሞ ከዚያም ያጠረ፦ «መሃል ላይ ነው ያለሁት።»

ወደ እኔ ያመጣቸው ነገር ሹሩባ ነው። ታሪኩን ለብቻዋ ስትመጣ ራሄል ነገረችኝ። አንድ እሁድ ማታ ልጆቹ ከእናታቸው ተመለሱ። ሊያ አዲስ ሹሩባ ተሠርታለች። በሦስተኛው ቀን ጠርዝ ጠርዙ መፈታታት ጀመረ። ራሄል በሙሉ ቅንነት፣ «ነይ ልጠብሽና እንደገና ልሥራሽ» አለቻት። ልጅቷ እሺም እምቢም አላለችም። ራሄል ከኋላዋ ተቀምጣ አንድ በአንድ ትፈታው ጀመር። ግማሹን እንደፈታች የልጅቷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየች። ድምፅ የላትም፤ ዝም ብላ እያለቀሰች ነው። ራሄል ያመማት መስሏት፣ «ወይኔ፣ ጎተትኩሽ እንዴ?» ብላ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ሊያ ተነሥታ መኝታ ቤቷ ገባች። ግማሹ ሹሩባ፣ ግማሹ የተበተነ ፀጉር ይዛ ነበር በማግሥቱ ትምህርት ቤት የሄደችው። ለ9 ቀን ለራሄል ቃል አልተነፈሰችም።

ራሄል ያየችው የተፈታታ ፀጉር ነው። ለሊያ ግን ያ ሹሩባ እስከሚቀጥለው ዙር ድረስ ይዛው የምትቆየው የእናቷ እጅ ነው። ራሄል በደግነት የገባችበት ቦታ ባዶ አልነበረም፤ ባለቤት ነበረው።

ይህን ስላት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ፣ «ታዲያ ባዶው ቦታ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው ማለት ይቻላል።

ልጅ ለወላጁ ያለው ታማኝነት ትልቅ ሰው ከሚያስበው በላይ ጥብቅ ነው። ናታን አንድ ቀን ገበታ ላይ አፉን አዳልጦት ራሄልን «ማሚ» አላት። ሊያ በጠረጴዛው ሥር ቁርጭምጭሚቱን በእግሯ መታችው። ልጁ አለቀሰ፣ አባት ሊያን ተቆጣ፣ ሊያ ተነሥታ ሄደች፣ ራሄል ደግሞ በደስታና በድንጋጤ መሃል ቀረች። ሊያ ክፉ ስለሆነች አይደለም። እናቷን በሌለችበት እየጠበቀችላት ነው። ራሄል ጥሩ በሆነች ቁጥር ጥበቃው ይከብዳል። መጥፎ እንጀራ እናትን መጥላት ቀላል ነው። ደጓ ናት የምታስቸግረው፣ ምክንያቱም እሷን መውደድ እናትን እንደ መክዳት ይቆጠራል።

ስለዚህ «ትንሽ ጥሩ ሁኚላት፣ ትለምድሻለች» የሚለው የዘመድ ምክር እዚህ ቤት ውስጥ እሳት ላይ ቤንዚን ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብ በተነሣ ቁጥር ሦስት ነገር ብቻ እንዲጽፉ ጠየቅኳቸው፦ ሰዓቱን፣ ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ፣ መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አይጻፍም። 11 ጠብ ተመዘገበ። 8ቱ የተነሡት አራቱም አንድ ላይ ሳሉ ነው። ከ8ቱ ሦስቱ በአንድ ምሽት፣ ልጆቹ ከእናታቸው በተመለሱበት እሁድ ነው የሆኑት። ሁለቱ ራሄልና ሊያ ብቻቸውን ሳሉ የተነሡ ሲሆን፣ ሁለቱም በስልክ ምክንያት ነው። አንዱ ማታ በባልና ሚስት መካከል። ራሄልና ናታን ብቻቸውን ሲሆኑ ግን አንድም ጠብ የለም።

ሳምሶን ወረቀቱን አይቶ ግራ ገባው። እሱ የቤቱ መፍትሔ አብሮ መሆን ነው ብሎ ያምን ነበር። ገበታው የአራት፣ ፊልሙ የአራት፣ ሽርሽሩ የአራት። «አንድ ቤተሰብ ነን» እያለ ሁሉንም አንድ ላይ ሲገፋ ከረመ። ወረቀቱ ግን አራት ሲሆኑ እንደሚበላሽ፣ ሁለት ሁለት ሲሆኑ እንደሚረጋጋ ይናገራል።

በእንዲህ ዓይነት ቤተሰቦች ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፓትሪሻ ፔፐርናው ይህን በደንብ ታስረዳዋለች። ወላጅና ልጆቹ የውስጥ ሰዎች ናቸው። የቆየ ቀልድ፣ የቆየ ልማድ፣ በዓይን ብቻ የሚግባቡበት ነገር አላቸው። አዲሱ ሰው የውጭ ሰው ነው። ሁሉም ሲሰበሰቡ ልጅ ወደ ወላጁ ይዞራል፣ ወላጅም ወደ ልጁ፣ የውጭው ሰው ደግሞ ይበልጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ማንም ክፋት አልሠራም፤ አቀማመጡ ራሱ ነው እንዲህ የሚያደርገው። የውስጡም ሰው አይመቸውም፤ ሳምሶን «መሃል ላይ ነው ያለሁት» ያለው ለዚህ ነው። እኔ አራቱንም አንድ ክፍል ውስጥ ጠርቼ የሠራሁት ስህተት ሳምሶን ለ7 ወር ቤቱ ውስጥ ሲሠራው የኖረው ስህተት ነው።

ስለዚህ ቤተሰቡን ለጊዜው በተን አደረግነው።

የመጀመሪያው ለውጥ ራሄልን አናደዳት። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ሳምሶንና ሊያ ብቻቸውን ይውጡ አልኩ። ራሄል፣ «ከእኔ ተወስዶ ለእሷ ሊጨመር ነው?» አለች። እውነቷን ነው፣ ከላይ ሲታይ እንደዚያ ነው። ግን ነገሩን ከሊያ በኩል እንየው። ከፍቺው በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል መኪና ውስጥ ከአባቷ ጎን፣ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሬዲዮውን የምትቀይረው፣ መንገዱ ሲዘጋ አብራው የምታማርረው እሷ ናት። ራሄል ስትመጣ ማንም ምንም ሳይል ሊያ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረች። አዲስ ሰው አገኘሽ ተባለች፤ ያጣችውን ግን ማንም አልቆጠረላትም። አባቷን ለብቻዋ የምታገኝበት የታወቀ ሰዓት ካላት ራሄል ላይ የምትወረውረው ድንጋይ ይቀንሳል። በአምስተኛው ሳምንት ገደማ ሳምሶን፣ «ዛሬ ራሷ ስለ ራሄል አወራችኝ። ወቀሳ አይደለም፣ እንዲሁ ወሬ» አለኝ።

ባልና ሚስቱም የራሳቸው ሰዓት ያስፈልጋቸው ነበር። ልጆቹ ከተኙ በኋላ በር ዘግተው ግማሽ ሰዓት፣ ስለ ልጆች ሳያወሩ። እዚህ ላይ ብዙ አልልም። መጀመሪያ ሰሞን የሚያወሩት ጠፍቷቸው እንደነበር ግን ነግረውኛል።

ከባዱ የሥርዓት ጉዳይ ነው። ሳምሶን በፍቺው የተነሣ ጥፋተኝነት ስለሚሰማው ልጆቹን መቆጣት ይከብደዋል። ራሄል ቤቱ ልጓም እንደሌለው ስታይ ልጓሙን ራሷ ያዘች። እሷ ስትጠብቅ እሱ ይላላል፤ እሱ ሲላላ እሷ ይበልጥ ትጠብቃለች። እንዲህ እየተጓተቱ ሁለቱም ከተፈጥሯቸው ውጭ ሆኑ። ከጋብቻው በፊት ለልጆቹ ሥዕል መሳያ ይዛ የምትመጣ፣ አብራቸው መሬት ላይ የምትቀመጥ ሴት ነበረች። ከገባች በኋላ ግን «ጫማሽን አንሺ፣ ስልኩን ዝጊ» የምትል ሆነች። ላውረንስ ጋኖንግና ማሪሊን ኮልማን የተባሉ ተመራማሪዎች በጥናታቸው ያዩት አንድ ነገር ይህ ነው። ብዙዎች ልጁን ለመቅረብ የሚደክሙት ከጋብቻ በፊት ነው። አንድ ቤት ከገቡ በኋላ ልፋቱን አቁመው ወደ መቆጣጠር ይዞራሉ። ልጁም ያን ሁሉ ስጦታ አባቴን ለመውሰድ ነበር ብሎ ይደመድማል።

የፍቺና የዳግም ጋብቻ ቤተሰቦችን ለረጅም ዓመታት የተከታተለችው ማቪስ ሄዘሪንግተንም ስለ እንጀራ አባቶች ተመሳሳይ ነገር አግኝታለች። ከመጀመሪያው ቀን ቀጪ ሆነው የገቡት ብዙም አልተሳካላቸውም። መጀመሪያ ከልጁ ጋር ተግባብተው፣ ሥርዓት ማስያዙን እናት ስትሠራ ከኋላ የደገፉት የተሻለ ተቀባይነት አግኝተዋል።

እኛም እንዲህ ወሰንን፦ ሕግ የሚያወጣው ሳምሶን ነው። ራሄል ሐሳቧን ለእሱ ትነግረዋለች፣ በር ተዘግቶ ይከራከራሉ፣ የተስማሙበትን ለልጆቹ የሚነግረው ግን እሱ ነው። እሱ በሌለበት ራሄል አክስት ወይም ሞግዚት እንደምታደርገው የተባለውን ታስታውሳለች እንጂ አዲስ ሕግ አትጨምርም። ሁለት ነገር ብቻ በራሷ ሥልጣን ይቆያል፦ አደጋ ያለበት ነገርና እሷን ራሷን የሚያዋርድ ንግግር። ስድብ ዝም ብላ እንድትቀበል ማንም አልጠየቃትም።

ሳምሶን ለሊያ የሚናገረውን አብረን አዘጋጀን። ይህን ነው ያላት፦ «እናትሽ አንድ ናት፣ ማንም አይተካትም። ራሄልን ውደጃት አልልሽም፣ ፍቅር በትእዛዝ አይሆንም። ስትገባ ሰላም በያት፣ ስትጠይቅሽ መልሺላት። ይህን ግን ከአንቺ እፈልጋለሁ።» ሊያ፣ «በቃ ይሄ ብቻ?» ብላ ጠየቀች አሉ። ይህ ብቻ መሆኑ ነው የቀለላት።

ከአሥር ቀን በኋላ ፈተናው መጣ። ሳምሶን የለም። ሦስት ሰዓት ማታ ስልክ ይዘጋል ተብሏል። ራሄል አስታወሰቻት። ሊያ፣ «አንቺ እናቴ አይደለሽም!» አለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ራሄል ስትፈራው ነው የኖረችው። ተለማምደንበት ነበር። «አይደለሁም፣ እውነትሽን ነው። ሦስት ሰዓት ይዘጋ ያለው ግን አባትሽ ነው። ካልተስማማሽ ሲመጣ ንገሪው» ብላት ወጣች። ስልኩን አልቀማቻትም፣ በሩ ላይ አልቆመችም። ስልኩ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ተዘጋ። ሳምሶን ሲመጣ ስለ ሃያ ደቂቃዋ ያናገራት እሱ ነው። በእኔ ግምት ያ ምሽት ከሁሉም በላይ ዋጋ ነበረው። ዓረፍተ ነገሩ ተተኮሰ፣ ማንም አልሞተም።

የእሁድ ማታውን ነገር በቀላሉ ነው ያስተካከልነው። ልጆቹ ሲመለሱ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ማንም አይጠይቃቸውም። «እንዴት ነበር? ምን ሠራችሁ? እናታችሁ ምን አለች?» የሚሉት ጥያቄዎች ለልጅ ምርመራ ናቸው። ራሄል በዚያ ሰዓት ሰላም ብላ ወደ ራሷ ሥራ ትመለሳለች። ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት የሚሸጋገር ልጅ ሁለት ዓይነት ሕግ፣ ሁለት ዓይነት ድምፅ፣ ሁለት ዓይነት ሽታ ነው የሚቀያይረው። እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰውነቱ ቢደርስም።

አሁን ወደ ራሄል ጥያቄ ልመለስ፣ ባዶው ቦታ የቱ ጋ ነው?

ይህን እኔ አላገኘሁላትም። እሷም ፈልጋ አላገኘችውም። ራሄል የስፌት መኪና ነበራት፤ ስትገባ ይዛው መጥታ ዕቃ ክፍል ውስጥ አቧራ ለብሶ ቆይቷል። ያ የእሁድ አንድ ሰዓት ሲሰጣት ምን እንደምታደርግበት ስላላወቀች አወጣችው። ትራስ ልብስ መስፋት ጀመረች። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው እሁድ ሊያ በሩ ላይ ቆመች። ራሄል ቀና አላለችም፤ ይህን ተስማምተን ነበር፣ መጀመሪያ የምትናገረው ልጅቷ ትሁን ብለን። ሊያ ትንሽ ቆይታ፣ «ከሥርም ክር አለው እንዴ?» አለች። ራሄል ትንሿን ማጠንጠኛ ከሥር አውጥታ አሳየቻት። የላዩ ክር ብቻውን እንደማይሰፋ፣ ከሥር ካለው ጋር ሲቆላለፍ ነው ስፌት የሚሆነው አለቻት። ሊያ ማጠንጠኛውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሄደች። በቃ ይኸው ነው። አራት ደቂቃም አይሞላም።

ቀጥሎ ባለው ሳምንት ማሰሪያው የተገነጠለ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ይዛ መጣች። «ሰፍተሽ ስጪኝ» አላለችም። «ይሄን መርፌው ይበሳዋል?» ነው ያለችው። አብረው ሞከሩት። ጨርቁ ወፍራም ስለነበር አንድ መርፌ ተሰበረ።

ለምን ይህ ሠራና የሹሩባው ነገር አልሠራም? ስፌት የእናቷም የአባቷም ክልል አይደለም። ራሄል ስትገባበት ማንንም አላፈናቀለችም። ሁለተኛ፣ መርጣ የመጣችው ልጅቷ ናት። ሦስተኛ፣ ይህን ደግሞ ከብዙ ቤት አይቼዋለሁ፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ሁለቱም መርፌውን ነው የሚያዩት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ «እስቲ እናውራ» ሲባል ይዘጋል፤ ጎን ለጎን ሆኖ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል።

ናታን ጋ ይህ ሁሉ አላስፈለገም። 6 ዓመቱ ነው፤ ፍቺው ሲሆን ገና ሕፃን ነበር። ትናንሽ ልጆች አዲስ ሰው ቶሎ ይቀበላሉ፤ ከ10 እስከ 14 ባለው ዕድሜ ያሉት ናቸው የሚከብዳቸው። ለእሱ ያደረግነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ራሄልን ምን ብሎ እንደሚጠራት አባቱ አስመረጠው። «ራሄልዬ» አለ። «ማሚ» ለእናቱ ተመለሰ። ሊያም እግሯን ሰበሰበች።

ያልሆነውንም ልናገር። የልጆቹ እናት እኔ ጋ መጥታ አታውቅም። ሳምሶን አንድ ጊዜ በስልክ፣ «ሊያ ራሄል ጋር ብትስቅ አንቺን እንደምትጎዳ ይሰማታል» ብሎ ነግሯት ነበር። ዝም ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ለልጅቷ ምን እንዳለቻት አናውቅም። እናት «ከእሷ ጋር ብትግባቢ እኔ አይከፋኝም» ብትል ኖሮ የብዙ ወር ሥራ ይቀንስ ነበር፤ ያን ቃል ግን ሌላ ሰው ሊናገርላት አይችልም። ሳምሶንም አልፎ አልፎ ይሸነፋል። በ9ኛው ወር ሊያን ሳይቆጣ ቀርቶ ራሄል እንድትቆጣ አመቻችቶ ነበር፤ ወረቀቱን እንደገና አስጀመርናቸው። የቅዳሜው ጠዋትም ሁለት ጊዜ ተዘልሎ፣ በሁለቱም ሳምንት ጠቡ ጨመረ።

ሊያ እንቅልፍ አጥታ፣ ትምህርቷ ወድቆ፣ ወይም ራሷን የምትጎዳ ሆና ቢሆን በዚህ መንገድ አልሄድም ነበር። ያኔ ልጅቷ ለብቻዋ የሚያያት የልጆች ባለሙያ ያስፈልጋታል፤ የቤቱ አደረጃጀት ቆይቶ ይደርሳል።

ከተጋቡ አሁን ሁለት ዓመት አልፏል። ፔፐርናው በትክክል ለመደላደል ፈጠኑ የተባሉት ቤተሰቦች እንኳ አራት ዓመት ያህል እንደሚወስድባቸው ነው የምትናገረው። ይህን ለራሄል ስነግራት ትከፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «እኔ እኮ በ7 ወር ወድቄያለሁ ብዬ ነው የመጣሁት» ብላ ሳቀች።

ባለፈው ወር ለብቻዋ መጥታ ነበር። ሊያ እሁድ ከእናቷ ጋ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ ተመለሰች አለችኝ። የስፌቱ ክፍል መጥታ፣ ሌሊት እንዳይፈታባት ፀጉሯን የምትሸፍንበት ቆብ ይሠፋላት እንደሆነ ጠየቀች። ራሄል ሹሩባውን ሳትነካ በሜትር ዙሪያውን ለካች። ስትሰፋው ግን ሰፋ፤ ሊያ ስታጠልቀው እስከ ቅንድቧ ወረደ።

«ይሄ የአባዬ ጭንቅላት ነው እንዴ?» አለቻት። ራሄል ስፌቱን ተርትራ እንደገና ጀመረችው።